ሁለት ፍለጋ፣ አንድ ዋጋ፦ ኤክሴል ከታሪፍ ሰንጠረዥ እንዴት ያነባል?

የዕቃ ማመላለሻ ቢሮ ውስጥ ከእጅ የማትጠፋ ወረቀት ብትኖር የታሪፍ ሰንጠረዧ ናት። በግራ በኩል ክብደት ከላይ ወደ ታች ተጽፏል፤ በላይኛው መስመር ላይ ከተሞች ተደርድረዋል፤ መሀሉ በዋጋ ተሞልቷል። ደንበኛው «አሥራ ሦስት ኪሎ ነው፣ ወደ ድሬዳዋ» ሲል ሠራተኛዋ አንድ ጣቷን በክብደቱ መስመር፣ ሌላውን ደግሞ በከተማው ሥር ታስኬዳለች። ሁለቱ ጣቶች የሚገናኙበት ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋጋ ነው።

በቀን አሥር ደረሰኝ ለሚቆርጥ ቢሮ ይህ በቂ ነው። መቶና ሁለት መቶ ጭነት በኤክሴል ለሚመዘግብ ግን ዋጋውን እያዩ በእጅ መጻፍ ጊዜ ይበላል፤ ዓይን አንድ መስመር ሲስት ደግሞ ስሕተቱን የሚያስተውለው የለም። ኤክሴል ራሱ ሁለቱን ጣቶች ተክቶ ዋጋውን እንዲያነብ ማድረግ ይቻላል። የሚያስፈልጉት ሁለት ትእዛዞች ብቻ ናቸው፤ `INDEX` እና `MATCH`። ሁለተኛው ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ሁለቱም በድሮዎቹም ሆነ በአዲሶቹ የኤክሴል ቅጂዎች፣ በጎግል ሺትስም ሆነ በሊብሬኦፊስ ካልክ ይሠራሉ።

ፎርሙላው አጭር ነው፤ ከየትም ቀድቶ መለጠፍም ይቻላል። ችግሩ አንድ ነገር ሲዛነፍበት ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አለማሳየቱ ነው። ትክክል የሚመስል ሌላ ዋጋ አንብቦ ዝም ይላል። ስለዚህ አሠራሩን በደንብ ማወቅ ፎርሙላውን ከመቅዳት የበለጠ ዋጋ አለው።

ለማሳያ ይህችን ትንሽ ሰንጠረዥ እንያዝ። ዋጋዎቹ ለምሳሌ ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ የአንድ ኪሎ ዋጋ በብር ነው።

| | A | B | C | D | E | F |
|---|---|---|---|---|---|---|
| 1 | ክብደት | አዳማ | ሐዋሳ | ባሕር ዳር | ድሬዳዋ | መቀሌ |
| 2 | 0 | 12 | 18 | 24 | 22 | 30 |
| 3 | 5 | 11 | 17 | 22 | 20 | 28 |
| 4 | 10 | 10 | 15 | 20 | 18 | 25 |
| 5 | 20 | 9 | 14 | 19 | 16 | 23 |
| 6 | 50 | 8 | 12 | 16 | 14 | 20 |

የዕለቱ ጭነት መመዝገቢያ በዚያው ገጽ በስተቀኝ ይሁን። የመድረሻው ከተማ በ`H` ዓምድ፣ ክብደቱ በ`I` ዓምድ ይጻፋል፤ የመጀመሪያው ጭነት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው። `H2` ላይ «ድሬዳዋ»፣ `I2` ላይ 13 ተጽፏል።

መጀመሪያ `MATCH`ን ለብቻው እንየው። `MATCH` ዋጋ አያመጣም። የሚመልሰው ተራ ቁጥር ነው፤ «የፈለግኸው ነገር ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ስንተኛው ላይ ነው» ብሎ ይነግረናል። ከተማውን ለመፈለግ እንዲህ ይጻፋል፦

```
=MATCH(H2,$B$1:$F$1,0)
```

መልሱ 4 ነው፤ ድሬዳዋ ከአዳማ ጀምሮ ሲቆጠር አራተኛ ናትና። መጨረሻ ላይ ያለው 0 «ልክ ይህንኑ ስም ፈልግ፣ የሚመሳሰል አትቀበል» ማለት ነው።

ክብደቱ ግን በዚህ መንገድ አይገኝም። በሰንጠረዡ ላይ 13 የሚል መስመር የለም፤ ያሉት 0፣ 5፣ 10፣ 20 እና 50 ናቸው። አሥራ ሦስት ኪሎ የሚመደበው ከ10 ጀምሮ 20 እስኪሞላ ባለው ረድፍ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ መጨረሻው 1 ይሆናል፦

```
=MATCH(I2,$A$2:$A$6,1)
```

ይህ 1 «ከ13 ሳይበልጥ ለ13 የሚቀርበውን ፈልግ» የሚል ትእዛዝ ነው። መልሱ 3 ይመጣል፤ 10 ከዝርዝሩ ሦስተኛ ነውና። ልክ 10 ኪሎ ቢሆንም መልሱ ያው 3 ነው፤ 9.9 ኪሎ ቢሆን ግን ወደ 2 ይወርዳል። ይህ ዓይነቱ ፍለጋ እንዲሠራ ክብደቶቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደራቸው ግድ ነው።

አሁን ሦስተኛ ረድፍ፣ አራተኛ ዓምድ መሆኑን አውቀናል። ቁጥሩን አንሥቶ የሚያመጣው `INDEX` ነው። የዋጋዎቹ ሰንጠረዥ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ስንተኛ ረድፍ፣ ቀጥሎም ስንተኛ ዓምድ እንደሆነ ይነገረዋል፦

```
=INDEX($B$2:$F$6,3,4)
```

18 ይመልሳል። በ3 እና በ4 ቦታ ሁለቱን `MATCH`ዎች ስንተካ ሙሉው ፎርሙላ ይገኛል፦

```
=INDEX($B$2:$F$6,
 MATCH(I2,$A$2:$A$6,1),
 MATCH(H2,$B$1:$F$1,0))
```

13 ኪሎ በ18 ብር ሲባዛ 234 ብር። ከተማውን ወደ መቀሌ ብንለውጠው ዋጋው ወዲያው 25 ይሆናል፤ ክብደቱን 60 ብናደርገው 20። የዶላር ምልክቶቹ ፎርሙላው ወደ ታች ሲጎተት የሰንጠረዡ አድራሻ አብሮ እንዳይንሸራተት ይይዙታል። `H2` እና `I2` ግን ምልክት የላቸውም፤ እነሱ ወደ `H3` እና `I3` መውረድ አለባቸው። ኮምፒዩተሩ በጀርመን ወይም በጣሊያን አቀማመጥ ለተዘጋጀ አንባቢ ደግሞ በኮማው ምትክ `;` መጻፍ ያስፈልገዋል።

ብዙ ቢሮዎች ይህንኑ ሥራ በ`VLOOKUP` ይሠራሉ። እሱም ክብደቱን ያገኛል፤ ዓምዱን ግን ሰው በእጁ ቁጥር ጽፎ ይነግረዋል። ድሬዳዋ ከ`A` ሲቆጠር አምስተኛ ስለሆነች 5 ተብሎ ይጻፋል። አንድ ቀን በአዳማና በሐዋሳ መካከል ሻሸመኔ የሚል ዓምድ ቢገባ ድሬዳዋ ስድስተኛ ትሆናለች፤ ፎርሙላው ውስጥ ያለው 5 ግን እንዳለ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የድሬዳዋ ጭነት ሁሉ በባሕር ዳር ዋጋ ይሰላል፤ በ18 ፈንታ 20 ብር። ሁለተኛው `MATCH` የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የከተማውን ቦታ በየጊዜው ራሱ ስለሚቆጥር ዓምድ ቢጨመርም፣ ቢቀያየርም ያገኘዋል። አዲሱ ከተማ ከመቀሌ ወዲያ `G` ላይ ከተጻፈ ግን ፎርሙላው ከሚያየው ክልል ውጭ ነውና አይገኝም። ከመጨረሻው ዓምድ በፊት ማስገባት ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ፎርሙላው ሳይጮህ የሚሳሳተው መቼ ነው?

በጣም የተለመደው የመነሻ መዛነፍ ነው። `INDEX` የተሰጠው ክልል ከ`B` ይጀምራል። የከተማው `MATCH` ደግሞ በስሕተት ከ`A` ቢጀምር፣ ማለትም `$A$1:$F$1` ቢባል፣ «ክብደት» የሚለው ርእስ አንድ ተብሎ ይቆጠርና ድሬዳዋ አምስተኛ ትሆናለች። `INDEX` በበኩሉ ከአዳማ ቆጥሮ አምስተኛውን ያነባል፤ እሱ መቀሌ ነው። ደንበኛው ለ13 ኪሎው 234 ብር መክፈል ሲገባው 325 ብር ይጠየቃል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ንጹሕ ቁጥር ነው፤ ቀይ የለው፣ የጥያቄ ምልክት የለው። መዛነፉ በክብደቱ በኩል ከሆነ፣ ማለትም `$A$1:$A$6` ከተባለ፣ ጉዳቱ ወደ ቢሮው ይዞራል። 13 ኪሎው የ20 ኪሎውን ረድፍ ያነብና በ16 ብር ሒሳብ 208 ብር ይሆናል፤ በአንድ ጭነት 26 ብር ቀረ ማለት ነው።

ይህ መዛነፍ ራሱን የሚያጋልጥበት አንድ ቦታ አለ፤ የሰንጠረዡ ጫፍ። መቀሌ ስድስተኛ ስትባል `INDEX` ያለው አምስት ዓምድ ብቻ ስለሆነ `#REF!` ይላል። ሁሉም ከተሞች ዋጋ እያወጡ የመጨረሻው ከተማ ብቻ `#REF!` ካለ፣ ችግሩ ያለው መቀሌ ላይ ብቻ አይምሰላችሁ፤ የሌሎቹም ዋጋ አንድ አንድ ዓምድ ተንሸራቷል። አንዳንድ ሰው እንዲህ ሲያጋጥመው የመቀሌን ዋጋ በእጁ ይጽፍና ያልፋል። እንዲህ ካደረገ ብቸኛውን ማስጠንቀቂያ በገዛ እጁ አጠፋው።

ሁለተኛው የቅደም ተከተል ነገር ነው። `INDEX` ሁልጊዜ ረድፍን አስቀድሞ ዓምድን ያስከትላል። ሁለቱ `MATCH`ዎች ቦታ ከተለዋወጡ 3 እና 4 የነበረው 4 እና 3 ይሆናል፤ አራተኛ ረድፍ፣ ሦስተኛ ዓምድ፣ 19 ብር። እኛ የያዝነው ሰንጠረዥ አምስት በአምስት ስለሆነ በዚህ መንገድ `#REF!` ፈጽሞ አይመጣም። 18 እና 19 ደግሞ በጣም ስለሚቀራረቡ ዓይን አይጠራጠርም።

ሦስተኛው የመጨረሻውን ቁጥር መርሳት ነው። `MATCH` ላይ 0 ወይም 1 ሳይጻፍ ከቀረ ኤክሴል 1 እንደተባለ ይቆጥረዋል። ለክብደቱ ይህ አይጎዳም። ለከተማው ግን ዝርዝሩ በፊደል ተራ የተደረደረ መስሎት ይፈልጋል። እኛ ከተሞቹን የደረደርነው በፊደል ተራ አይደለም፤ ስለዚህ አንዴ ትክክል ያገኛል፣ አንዴ `#N/A` ይላል፣ አንዴ ደግሞ የሌላ ከተማ ቦታ ይመልሳል። ለስም ሁልጊዜ 0 ይጻፍ።

ለአማርኛ ጸሐፊ ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው፤ የፊደል ጉዳይ። ሰንጠረዡ «ሐዋሳ» ይላል። መዝጋቢው «ሀዋሳ» ብሎ ይጽፋል። ለእኛ ሁለቱም አንድ ከተማ ናቸው። ለኤክሴል ግን ሐ እና ሀ ልክ እንደ መ እና ሰ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱ መለያ ቁጥር አለው። በእንግሊዝኛ ትልቁንና ትንሹን ፊደል `MATCH` አንድ አድርጎ ይቀበላል፤ ለግዕዝ ፊደል ሞክሼዎች ግን እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም። «ባሕር ዳር»፣ «ባህር ዳር»፣ «ባህርዳር»፤ «ድሬዳዋ»፣ «ድሬ ዳዋ»፤ «መቀሌ»፣ «መቐለ»፤ እነዚህ ሁሉ በኤክሴል ዓይን ለየብቻ ናቸው። መልሱ `#N/A` ይሆናል፤ ቢያንስ እዚህ ላይ ዝም አይልም።

ስሙ ተመሳሳይ መስሎ `#N/A` ሲመጣ ምክንያቱን ማወቅ አያስቸግርም። ባዶ ሴል ላይ እነዚህን መሞከር ነው፦

```
=H2=C1
=LEN(H2)
=UNICODE(H2)
```

የመጀመሪያው የተጻፈውን ስም ከሰንጠረዡ ሐዋሳ ጋር አወዳድሮ `TRUE` ወይም `FALSE` ይላል። ሁለተኛው የፊደሎቹን ብዛት ይቆጥራል፤ «ድሬዳዋ» አራት ፊደል ሆኖ ሳለ 5 ካለ መጨረሻው ላይ የማይታይ ክፍት ቦታ አለ ማለት ነው። ሦስተኛው የመጀመሪያውን ፊደል መለያ ቁጥር ያሳያል፤ ለሀ 4608፣ ለሐ 4624። ይህ ከኤክሴል 2013 ወዲህ ባሉት ቅጂዎች ይገኛል።

መፍትሔው መዝጋቢውን ከመቆጣት ይልቅ ከነጭራሹ እንዳይጽፍ ማድረግ ነው። የ`H` ዓምድ ተመርጦ በ`Data` ሥር `Data Validation` ይከፈታል፤ `List` ተብሎ ምንጩ `=$B$1:$F$1` ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ሴሉ ላይ ዝርዝር ይወርዳል፤ ሠራተኛዋ ከተማውን ትመርጣለች እንጂ አትጽፍም። አንድ ጉድለት አለው። ከቴሌግራም ወይም ከሌላ ፋይል የተቀዳ ስም ሲለጠፍበት ይህ ጥበቃ አይከለክለውም። ትእዛዝ በመልእክት የሚቀበል ቢሮ ከሆነ በሌላ ጥግ ሁለት ዓምድ ያለው ትንሽ ዝርዝር ያዘጋጅ፤ በአንዱ ሰዎች የሚጽፉት ዓይነት ሁሉ፣ በሌላው የሰንጠረዡ አጻጻፍ። የመጣው ስም መጀመሪያ በዚያ ዝርዝር ይተረጎማል፣ ከዚያ ወደ ታሪፉ ይገባል። ለዚህም የሚያገለግሉት እነዚያው `INDEX` እና `MATCH` ናቸው።

የክብደቱም ወገን የራሱ ወጥመድ አለው። ብዙ ሰው በ`A` ዓምድ «5-10 ኪሎ» ብሎ ይጽፋል፤ ለሰው ዓይን ግልጽ ነው። ለኤክሴል ግን ጽሑፍ እንጂ ቁጥር ስላልሆነ 13 ከእሱ ይበልጥ ይነስ አያውቅም። ሴሉ ውስጥ መነሻው ቁጥር ብቻ ይቀመጥ። መልኩ እንዲያምር ከተፈለገ በቁጥር አቀራረብ ማስተካከያው እንዲህ ይሰጠዋል፦

```
"ከ"0" ኪሎ ጀምሮ"
```

ስክሪኑ ላይ «ከ10 ኪሎ ጀምሮ» ይነበባል፤ ውስጡ ግን ንጹሕ 10 ነው። በ`I` ዓምድም «13 ኪሎ» ተብሎ ከተጻፈ ያው `#N/A` ይመጣል። ቁጥር ሲሆን ሴሉ ውስጥ ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ሲሆን ወደ ግራ፤ ሰው ካልቀየረው በቀር ይህ ጥሩ ምልክት ነው።

የመጀመሪያው ረድፍ 0 መሆኑ በከንቱ አይደለም። በ1 ቢጀምር ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ፖስታ ከእሱ የሚያንስ መነሻ ስለሌለው ዋጋ ያጣል። በላይኛው በኩል ግን ጣሪያ የለም፤ 400 ኪሎም ቢሆን የ50ውን ረድፍ ያነባል። ቢሮው ከ100 ኪሎ ጀምሮ በተለየ ስምምነት የሚጭን ከሆነ 100 የሚል ረድፍ ተጨምሮ በየከተማው ሥር «በድርድር» ይባል፤ የፎርሙላው ክልልም እስከ አዲሱ ረድፍ ይዘርጋ። ያኔ ፎርሙላው ቃሉን አንብቦ ያመጣዋል፣ ማንም በስሕተት ለ400 ኪሎ ደረሰኝ አይቆርጥም።

`#N/A` አያምርም ብለው ፎርሙላውን በ`IFERROR` ጠቅልለው 0 እንዲል የሚያደርጉ አሉ። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ዋጋው ያልታወቀ ጭነት በዜሮ ብር ተመዝግቦ ወደ ወሩ ድምር ይገባል፤ ገንዘቡ ጎደለ ሲባል ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። መሸፈን ካስፈለገ `IFNA` ተጠቅሞ «ከተማውን ወይም ክብደቱን ይመልከቱ» የሚል ጽሑፍ ማሳየት ይበቃል። የትኛው እንዳልተገኘ ለመለየት ደግሞ ሁለቱን `MATCH`ዎች በሁለት ባዶ ሴሎች ለየብቻ መጻፍ ነው፤ አንዱ ቁጥር ይሰጣል፣ ሌላው `#N/A` ይላል።

ማይክሮሶፍት በ2019 ያስተዋወቀው `XLOOKUP` አንዱ በሌላው ውስጥ ሲገባ ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ሳይነገረውም ልክ ያንኑ ስም መፈለጉ መልካም ነው። ነገር ግን በኤክሴል 2016 እና 2019 እንደገና ሲሰላ `#NAME?` ይላል። ፋይሉ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የሚዞር፣ አንዱ ጋር አዲስ ሌላው ጋር አሮጌ ኮምፒዩተር ያለበት ቢሮ ከሆነ `INDEX` እና `MATCH` ይሻላሉ።

ፎርሙላውን ጽፋችሁ ስትጨርሱ ወደ ሥራ ከመግባታችሁ በፊት የሰንጠረዡን አራት ማዕዘኖች ፈትኑ። በእኛ ምሳሌ 0 ኪሎ ለአዳማ 12፣ 50 ኪሎ ለመቀሌ 20፣ 0 ኪሎ ለመቀሌ 30፣ 50 ኪሎ ለአዳማ 8 መሆን አለበት። የመነሻ መዛነፍ ካለ ማዕዘኖቹ ላይ ይያዛል። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን በተለይ አትዝለሉ። ረድፉና ዓምዱ ከተለዋወጡ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ማዕዘኖች ትክክለኛ መልስ ይሰጣሉ፤ አንደኛ ረድፍ ከአንደኛ ዓምድ፣ አምስተኛ ረድፍ ከአምስተኛ ዓምድ ቢገለበጥም ያው ነውና። ስሕተቱን የሚያሳዩት 30 በሚጠበቅበት 8፣ 8 በሚጠበቅበት 30 የሚያወጡት ሌሎቹ ሁለቱ ናቸው።